ውሻው እስኪያነክስ አትጠብቁ፦ በትልልቅ ውሾች የዳሌ ችግር ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ጋሼ ሰባት ወር የሞላውን ጀርመን ሼፐርዳቸውን ይዘው መጡ። ስሙን ቦቢ እንበለው። "ዶክተር፣ ይሄ ውሻ ሰነፍ ሆነብኝ" አሉኝ። ኳስ ሲወረወርለት ሁለቴ ሮጦ ቁጭ ይላል። ሲሮጥ የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሣል። ከተኛበት ሲነሣ የፊቶቹን ተክሎ የኋላውን ይጎትታል። "ያነክሳል?" ስላቸው "ኧረ በፍጹም!" አሉ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 38 ኪሎ ሆነ። ለዕድሜው በጣም ከባድ ነው።

ቦቢ ሂፕ ዲስፕላዥያ ነበረበት። የጭን አጥንቱ ክብ ራስ ዳሌው ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው። ጋሼ የሠሯቸውን ስህተቶች አብዛኞቹ የትልልቅ ውሻ ባለቤቶች ይሠሯቸዋል።

ማነከስን መጠበቅ

ውሻ የሚያነክሰው አንዱ እግሩ ሲያመው ነው። ይሄ በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዳሌ ይይዛል። ሁለቱም ካመሙት በየትኛው ላይ ያነክስ? ክብደቱን ወደ ፊት ያዞራል። ትከሻው ይደነድናል፣ የኋላ ጭኑ ይሳሳል። በተለይ በጀርመን ሼፐርድ ነገሩ ይደበቃል፤ "ወገቡ እንደ ጅብ ዝቅ ያለ ነው፣ ዘሩ ነው" ተብሎ ይታለፋል።

ቡችላው ሲወለድ ዳሌው ጤነኛ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን መገጣጠሚያውን የሚይዙት ጅማቶች ይላላሉ። ክቡ ራስ ከቦታው እየወጣ የጎድጓዳውን ጠርዝ ይመታል። አጥንቱ ገና እያደገ ስለሆነ ጎድጓዳው ጥልቀቱን ትቶ እንደ ሰሃን ዝርግ እየሆነ ይሄዳል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከአምስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል።

ከዚያ አታላይ ጊዜ ይመጣል። መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ይወፍርና ልቅነቱ ይቀንሳል፤ ውሻው የተሻለው ይመስላል። ባለቤቱም "ዳነ" ብሎ ይረሳዋል። ከዓመታት በኋላ ግን የመገጣጠሚያ ብግነት ይዞት ሲመለስ አገኘዋለሁ።

ስለዚህ ቡችላው አራት ወር አካባቢ ሲሆን ከኋላው ቆማችሁ በስልክ ቪዲዮ አንሡት፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። ዳሌው ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ፣ የኋላ እግሮቹን አጠጋግቶ የሚቆም ወይም መኪና ላይ መዝለል የሚያቅማማ ከሆነ ቪዲዮውን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ክሊኒክ ሲገባ ፈርቶ ደህና መስሎ ስለሚራመድ ቪዲዮው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

መቸኮሉ ምክንያት አለው። የዳሌውን አጥንት አስተዳደግ በመቀየር ጎድጓዳው የጭኑን ክብ ራስ እንዲሸፍን የሚያደርገው ቀላሉ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው አምስት ወር ሳይሞላው ነው። ዳሌውን ቆርጦ የሚያዞረው ደግሞ እስከ አሥር ወር ገደማ ይሠራል፣ እሱም ብግነቱ ካልጀመረ ነው። ሁለቱም ልዩ ሥልጠና ስለሚጠይቁ በየክሊኒኩ አይገኙም።

"አጥንት ነው፣ ካልሲየም ጨምሩለት"

ጋሼ ለቦቢ ከሁለት ወሩ ጀምሮ የካልሲየም ክኒን እየፈጩ ይሰጡት ነበር፤ ከተገዛው የቡችላ ምግብ በላይ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። አድጎ የጨረሰ ውሻ የማይፈልገውን ካልሲየም አንጀቱ ይተወዋል። እስከ ስድስት ወር ገደማ ያለ ቡችላ ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ የመጣለትን ያስገባል። ትርፉ የአጥንቱንና የልም አጥንቱን አስተዳደግ ያዛባል።

ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ በእርግጥ ካልሲየም ይጎድለዋል። እሱም ቢሆን የሚፈልገው በግምት የተፈጨ ክኒን ሳይሆን ለትልቅ ዘር ቡችላ የተመጣጠነ ምግብ ነው።

ከካልሲየሙ የባሰው ግን ሰሃኑ ነው። በአሜሪካ 48 ላብራዶሮች ከቡችላነታቸው ጀምሮ ዕድሜ ልካቸውን ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይበሉ ነበር። እነዚህ የዳሌ ችግራቸው አነሰ፣ ብግነቱም ዘግይቶ መጣ። በመካከለኛ ስሌት 13 ዓመት ኖሩ፤ ሌሎቹ 11.2። ስለዚህ ጎድኑን ዳስሱት። እጃችሁ ሳይጫን የጎድን አጥንቶቹን መቁጠር ካልቻለ ምግቡን ቀንሱ። ጎረቤት "አከሳችሁት" ይላል። ይበል።

በአንድ ራጅ መዝጋት

ውሻው ነቅቶ፣ ሁለት ሰው ይዞት የተነሣ ራጅ ብዙም አይነግረኝም። ሲፈራ ጡንቻው ይወጠርና ልል የሆነው መገጣጠሚያ የገጠመ ይመስላል። ትክክለኛው በማደንዘዣ፣ በጀርባው አስተኝቶ፣ የኋላ እግሮቹን እኩል ዘርግቶ፣ ጉልበቶቹን ወደ ውስጥ አዙሮ የሚነሣው ነው። ዳሌው ካጋደለ አንዱ ወገን ያለ ጥፋቱ የታመመ ይመስላል።

እንዲህ ተነሥቶም ቢሆን የስድስት ወር ንጹሕ ራጅ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የአሜሪካው የውሾች አጥንት ተቋም ኦኤፍኤ የመጨረሻ ደረጃ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፔንሂፕ ደግሞ ከ16 ሳምንት ጀምሮ የዳሌውን ልቅነት ራሱን ይለካል። ልኬቱ ከ0.3 በታች ከሆነ አደጋው ዝቅተኛ ነው።

ሠልጥኖ የሚያነሣ ሰው ባይገኝም እጅ አለ። ቦቢን አደንዝዤ ጭኑን ወደ ዳሌው ገፍቼ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ ስከፍት ክቡ ራስ "ጠቅ" ብሎ ወደ ቦታው ሲገባ ተሰማኝ። ራጁ ላይ ጎድጓዳው የክቡን ራስ ግማሽ እንኳን አልሸፈነም። ጠርዙ ላይ ትርፍ አጥንት ማብቀል ጀምሯል። አጥንት የማዞሩ ቀዶ ሕክምና አለፈው ማለት ነው።

የሰው ክኒን

ጋሼ እየወጡ ሳለ "ዳይክሎፌናክ ሰጥቼው ነበር፣ ግማሽ" አሉኝ። ቦቢ ከዚያ ወዲያ አስመልሶት ነበር፣ ዓይነ ምድሩም ጠቁሮ ነበር። ጥቁር ዓይነ ምድር የሆድ መድማት ምልክት ነው። ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ለውሻ የሚሆኑት የሕመም ማስታገሻዎች እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉት ናቸው፣ እነሱም በኪሎው ተሰልተው። እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ካሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ጋር አብረው ፈጽሞ አይሰጡም።

ሳምንቱን አስሮ እሑድ ማስሮጥ

ቦቢ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሰንሰለት ነው። እሑድ ተራራ ይወጣል። ለልል ዳሌ ከዚህ የባሰ ፕሮግራም የለም፤ የሚይዘው ጡንቻ ይከሳል፣ ከዚያ ድንገት ይፈተናል። በየቀኑ ሁለት ሦስቴ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በገመድ መራመድ ይሻላል። ዋና ካገኘ እሰየው። ቤቱ ሴራሚክ ከሆነ የሚመላለስበት ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ገና ቡችላ ላላችሁ ደግሞ አንድ የኖርዌይ ጥናት ልጥቀስ፦ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ደረጃ የሚወጡ የሚወርዱ ቡችሎች አደጋቸው ሲጨምር፣ ሜዳ ላይ በነፃነት የሚቦርቁት ቀንሷል።

ለመግዛት ላሰቡ አንድ ነገር ልጨምር። "አባቱን አይቼዋለሁ፣ አጥር ይዘላል" ማስረጃ አይደለም። በሽታው በብዙ ጂኖች ስለሚወረስ ጤነኛ የሚመስሉ ወላጆችም ያስተላልፉታል። የእናትም የአባትም የዳሌ ራጅ ውጤት ጠይቁ። የዘር ሐረግ ወረቀት ብቻውን የዳሌ ውጤት አይደለም።

ቦቢ ከአራት ወር በኋላ ሲመጣ 33 ኪሎ ነበር። ካልሲየሙ ቀርቷል፣ ሰንሰለቱም። በብርድ ጠዋት አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው፣ መድኃኒቱንም በእነዚያ ቀናት ይወስዳል። ሕመሙ ከባሰ የጭን አጥንቱን ራስ ቆርጦ የማውጣት ቀዶ ሕክምና እንዳለ ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ለጊዜው አላስፈለገውም። በሩ ላይ ድመት ሲያይ ግን እንደ ጥንቸል መሮጡን አልተወም።