ግመሉ ሽበት አወጣ፦ የኪሮሽ አሻንጉሊት ፋይበሩ ሲታይ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ግመል በፌስታል ይዛ መጣች። በኪሮሽ የሠራችው የመጀመሪያ አሻንጉሊቷ ነው። ክሩ እዚሁ ድሬዳዋ ከታይዋን ገበያ የተገዛ ቡናማ ነው፣ ሆዱን የሞላችው ደግሞ ከአሮጌ ትራስ ባወጣችው ነጭ ፋይበር። ጭንቅላቱ ከላይ ሲያዩት ያምራል። ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ከአገጩ ሥር ነጭ ነጥብ በነጭ ነጥብ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ግመል ሽበት አወጣ እኮ!» አለችኝ።

«ፋይበር አብዝተሽበት ይሆን?»

«አቦ፣ ግማሹን አውጥቼዋለሁ። ያው ነው!»

እውነቷን ነው። ጭንቅላቱ አየሩ እንደወጣ ኳስ ሟሽሿል፣ ነጩ ግን አሁንም ያፈጣል። ፋይበር ሲታይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፋይበሩን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። የትኛው ጥፋት እንደሆነ የሚነግራችሁ ደግሞ ነጩ የታየበት ቦታ ነው። ስለዚህ ምንም ከመተርተራችሁ በፊት አሻንጉሊቱን ወደ መስኮት ብርሃን አቅርቡና ቀዳዳዎቹ በመስመር መሰለፋቸውን፣ ሁሉም ቦታ መበተናቸውን ወይስ አንድ ቦታ መሰብሰባቸውን እዩ።

ለመግባባት ያህል፣ እዚህ «ዓይን» የምለው አንዷን ነጠላ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ዓይን አናቱ ላይ ሁለት ክር ተኝቶበታል። ወደ እናንተ የቀረበው የፊት ክር፣ ከእሱ ጀርባ ያለው የኋላ ክር ነው።

ነጩ በስድስት መስመር ተሰልፎ ከታየ

የልጅቷ ግመል እንዲህ ነበር። ጭንቅላቱ ከወገቡ በታች እንደ ብርቱካን በስድስት ተከፍሎ፣ በየመስመሩ ቀዳዳ ወርዷል። አሠራሯ የተለመደው ነው። በ6 ዓይን ጀመረች፣ በየዙሩ 6 እየጨመረች በ5ኛው ዙር 30 ደረሰች። ከ6ኛው እስከ 10ኛው ዙር ሳትጨምር ሳትቀንስ ሄደች። ከዚያ 24፣ 18፣ 12፣ 6 እያለች ቀነሰች። በአራት ዙር 24 ቦታ ላይ ቀንሳለች ማለት ነው። ነጮቹ ነጥቦች ያሉትም እዚያው የቀነሰችበት ቦታ ላይ ነው።

ምክንያቱ የቀነሰችበት መንገድ ነው። ለዳንቴል እንደለመደችው ኪሮሹን በሁለቱም ክር ሥር አስገብታ ክር አወጣች፣ ቀጣዩ ዓይን ላይም ደገመችው፣ ከዚያ ሦስቱንም ቀለበት ባንድ ጊዜ ሳበች። እንዲህ ሲሠራ ሁለቱ ዓይኖች ከነሙሉ ውፍረታቸው ይጨመቃሉ። የተቀነሰበት ቦታ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ከጎኑ ያለው ዓይን ይጎተትና ክፍተት ይተዋል። ዳንቴል ላይ ይሄ ችግር አይደለም፣ ከጀርባው ምንም የለምና። አሻንጉሊት ግን ከጀርባው ነጭ ፋይበር አለው።

መፍትሄው የማይታየው አቀናነስ ነው። ኪሮሹን በመጀመሪያው ዓይን የፊት ክር ሥር ብቻ አስገቡ። ክር ሳትስቡ፣ ኪሮሹን ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ የቀጣዩን ዓይን የፊት ክር ጨምሩበት። አሁን ኪሮሹ ላይ ሦስት ነገር አለ፦ ቀድሞ የነበረው ቀለበትና ሁለት የፊት ክር። ክር ጠቅልላችሁ በሁለቱ የፊት ክሮች ብቻ አውጡ። ሁለት ቀለበት ይቀራል። እንደገና ጠቅልላችሁ በሁለቱም አውጡ። አለቀ።

ሁለቱ የኋላ ክሮች ወደ ውስጥ ይቀራሉ። ከውጭ የምታዩት አንድ ዓይን ነው፣ ውፍረቱም ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ነው። በትክክል ከሠራችሁት በማግስቱ የት እንደቀነሳችሁ ፈልጋችሁ ለማግኘት ትቸገራላችሁ።

እዚህ ጋ ሁለት ስህተት ይበዛል። አንዱ፣ ከቀነሱ በኋላ የሚመጣውን መደበኛ ዓይንም በፊት ክር ብቻ መሥራት ነው። እጅ ስለሚለምድ ነው። እንዲህ ከሆነ የቀረው የኋላ ክር ይላላና ሌላ ቀዳዳ ይፈጥራል። ከቀነሳችሁ በኋላ ወደ ሁለቱም ክር ተመለሱ። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው የፊት ክር ሲገባ መሳብና ማስፋት ነው። ክሩን አትለጥጡት፤ ኪሮሹን ወደ እሱ ውሰዱት።

ስድስቱን መስመር የሚያደምቅ ሌላም ነገር አለ። በየዙሩ አንዱ ቅናሽ በሌላው ላይ ሲሰለፍ ጭንቅላቱ ክብ ሳይሆን ባለስድስት ማዕዘን ይሆናል። ከ24 ወደ 18 ስትወርዱ «ሁለት ሥራ፣ ቀንስ» ከማለት «አንድ ሥራ፣ ቀንስ፣ አንድ ሥራ» ብላችሁ 6 ጊዜ ድገሙት። ቁጥሩ ያው 18 ነው፣ ቅናሹ ግን ከላይኛው ዙር ቅናሽ ፈቀቅ ይላል።

የማይታየውን አቀናነስ ሠርታችሁ እየታየ ከሆነ

ያኔ የሠራችሁት ተገልብጦ ነው። የአሻንጉሊቱን ቆዳ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ውጭው ላይ ንጹሕ የ«ቪ» ቅርጽ በረድፍ ካለ ደህና ነው። አጫጭር አግድም ሰረዝ ካያችሁ ግን የሚታያችሁ የውስጡ ፊት ነው። ፊት የምትሉት ክር ውስጥ ገብቷል፣ ያልተነኩት የኋላ ክሮች ደግሞ ውጭ ቀርተው እንደ ሰረዝ ተጋድመዋል።

ይሄ የሚመጣው ከአያያዝ ነው። ሥራው እንደ ስኒ መጎድጎድ ሲጀምር አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በቅርባችሁ ባለው ጠርዝ ላይ መሥራት አለባችሁ። ኪሮሹ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል። በወዲያኛው ጠርዝ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ኪሮሹ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገባ ነው። ገና 3ኛው ወይም 4ኛው ዙር ላይ ሳላችሁ በጣታችሁ ገፍታችሁ ገልብጡት፣ ከዚያ በቅርቡ ጠርዝ ቀጥሉ። መተርተር አያስፈልግም።

ነጩ ሁሉም ቦታ እንደ ወንፊት ከታየ

ኪሮሹ ለክሩ ወፍሯል። ክሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 4 ሚሊ ሜትር ካለ፣ ያ ለሻርፕና ለሹራብ ነው። ለአሻንጉሊት ወደ 3 ወይም 2.5 ውረዱ። የእናትን የዳንቴል ኪሮሽ ማንሳት ግን አያዋጣም። ጫፉ በጣም ቀጭን ስለሆነ ወፍራም ክር ይሰነጥቃል፣ እጅም ያደክማል።

አጠቃለሉም ለውጥ አለው። ብዙዎቻችን ክሩን በኪሮሹ ላይ ጠቅልለን ነው የምናወጣው። ከዓይኑ የመጀመሪያውን ክር ስታወጡ ኪሮሹን ከክሩ በላይ አድርጋችሁ ክሩን ብትነጥቁት፣ «ቪ»ው ወደ «ኤክስ» ይለወጣል፣ ዓይኑም ያጥራል፣ ይጠብቃል። አሻንጉሊቱ ግን ትንሽ ስለሚያንስ አንዱን መንገድ ከመረጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ። ጭንቅላቱ በአንዱ፣ አንገቱ በሌላው ከሆነ ያስታውቃል።

የድሬ ነገር ደግሞ ሙቀቱ ነው። ከሰዓት በወበቁ ስትሠሩ ላብ ክሩን ጣታችሁ ላይ ይይዘዋል፣ ሥራው ይጠብቃል። ማታ በረንዳ ላይ ነፋስ እየተቀበላችሁ ስትቀጥሉ ክሩ ይሾልካል፣ ሥራው ይላላል። ልጅቷን ስጠይቃት ላይኛውን ግማሽ ቀን፣ ታችኛውን ማታ ነው የሠራችው። የጠበቀው ላይ ምንም ነጭ የለም። አብሯችሁ ፎጣ ይኑር፣ እጃችሁን እየጠረጋችሁ ሥሩ። ማታ ክሩን በትንሿ ጣት ላይ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ዙሩት።

አንድ ዘንባላ መስመር ወይም አንድ ብቸኛ ቀዳዳ ከሆነ

ዘንባላው መስመር የመጋጠሚያ ነው። ዙሩን በጨረሳችሁ ቁጥር ገጥማችሁ፣ በሰንሰለት ከፍ ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። አሻንጉሊት ሳይገጠም እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይቀጥላል፤ የዙሩን የመጨረሻ ዓይን እንደጨረሳችሁ በቀጥታ በዚያው ዙር የመጀመሪያ ዓይን ላይ ነው የምትገቡት። መጀመሪያው የት እንደሆነ ስለማይታወቅ የሌላ ቀለም ክር ቁራጭ የዙሩ የመጀመሪያ ዓይን ላይ አኑሩ፣ በየዙሩ አውጥታችሁ ወደ ላይ አሳድጉት። ምልክቱ በየዙሩ ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ያ አያሳስባችሁ።

ብቸኛው ቀዳዳ የተዘለለ ዓይን ነው። ቁጥሩ 24 መሆን ሲገባው 23 ከመጣ ሌላ ቦታ ላይ ጨምሮ ማድበስበስ ቀዳዳውን አይደፍነውም። ወደ ምልክቱ ተመልሳችሁ ያንን ዙር ብቻ ተርትሩ።

መዝጊያው ላይ ከሆነ

6 ዓይን ሲቀር ክሩን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡና በመርፌ አስገቡ። መርፌውን ከመሃሉ ወደ ውጭ እያደረጋችሁ በስድስቱም የፊት ክሮች ብቻ አሳልፉ። ስትስቡት እንደ ከረጢት አፍ ይሰበሰባል። ከዚያ መርፌውን በመሃሉ አስገብታችሁ በሌላ ጎን አውጡ፣ ሳብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል።

ፋይበሩን የምትሞሉት 18 ዓይን ላይ ስትደርሱ ነው፣ ጣት ገና ይገባል። 12 ላይ ጥቂት ጨምሩ። ሞልታችሁ ስትጫኑት መመለስ አለበት፣ ዓይኖቹን ግን መበርገድ የለበትም።

ካለቀ በኋላ

አልተርትርም ካላችሁ፣ አንድ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ በዚያው ክር በመርፌ ከውጭ የ«ቪ»ውን ቅርጽ ተከትላችሁ ድረቡበት። ቀዳዳው ብዙ ከሆነ መዝጊያውን ብቻ ፍቱ፣ ፋይበሩን አውጡና ክሩን በሚመስል ቀለም ያለ አሮጌ ታይት ውስጥ ከትታችሁ መልሱት። ታይቱ ይለጠጣል፣ ቅርጹን ይዞ ይሄዳል። ቀዳዳው አይጠፋም፣ ቡናማ በቡናማ ስለሆነ ግን ዓይን አይገባም።

ልጅቷ መተርተሩን መረጠች። መዝጊያዋን ፈታን፣ ፋይበሩን አወጣን፣ 10ኛው ዙር ላይ ምልክት አስረን አራቱን ዙር ለቀቅናቸው። እዚያው በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ በፊት ክር እየቀነሰች 24 ቦታውን ደገመችው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። ያወጣችውን ፋይበር ሁሉ መልሳ ስትሞላው የግመሉ አገጭ ጥርት ያለ ቡናማ ሆነ። አሁን የቀራት ሻኛው ነው፣ እሱንም በ3 ሚሊ ሜትር ጀምራዋለች።