ለባንኩ ያስገባሁት ካሽ ፍሎው በመጨረሻ ተስተካከለ

ለሆቴሎች ፈሳሽ ሳሙና የምናቀርብ ጀማሪዎች ነን፣ ለብድር ያስገባሁትን የ12 ወር ካሽ ፍሎው የባንኩ ሰውዬ አይቶ "በየወሩ ብር የሚተርፋችሁ ከሆነ ብድሩ ለምንድነው?" ብሎ መለሰልኝ፣ እውነቱን ነው።

ስህተቴ ሽያጩን በተሸጠበት ወር እንደገባ ብር መቁጠሬ ነበር፣ ሆቴሎቹ ግን የሚከፍሉት ከ2 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ኤክሴሉ ላይ ከሽያጩ ስር "የተሰበሰበ" የሚል ረድፍ ጨመርኩና የሦስተኛው ወር ላይ እንዲህ አልኩ፦

```
=B5
```

B5 የአንደኛው ወር ሽያጭ ነው፣ ከዛ ወደ ቀኝ ጎተትኩት።

በወር 300,000 ሸጠን 240,000 እናወጣለን፣ መነሻችን 200,000 ነው። አንደኛው ወር መጨረሻ -40,000፣ ሁለተኛው -280,000 ሆነ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ በ60,000 እያገገመ ይሄዳል። በግምት 1 ሚሊዮን ጠይቄ የነበረውን ወደ 350,000 አወረድኩት፣ 280,000ው ጉድለቱን ይሸፍናል፣ ቀሪው ሆቴል ሲያዘገይ መጠባበቂያ ነው። የወር ክፍያውም ከ60,000ው እንዳይበልጥ አድርጌ ለብቻው ረድፍ ሰጠሁት። ሰውዬው አሁን ተቀብሎ ወደ ብድር ኮሚቴው አሳልፎታል።