የደሞዝ ቅድሚያ ጥያቄ ለአዲስ መጤ ሠራተኞች፦ ምክንያቱና የመክፈያ ዕቅዱ በቀላሉ እንዲጸድቅ አድርጎ መጻፍ

በአዲስ አገር የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ወጪና ገቢ አይገናኙም። ቤት አከራዩ ቁልፍ ከማስረከቡ በፊት የመያዣ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ደሞዝ ግን የሚከፈለው ወሩ ከተሠራ በኋላ ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ከአሠሪ የደሞዝ ቅድሚያ መጠየቅ የተለመደና አግባብ ያለው አሠራር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚዘገየው ወይም ውድቅ የሚሆነው ደብዳቤው ላይ ውሳኔ ለመስጠት የሚያስፈልገው ነገር ስለሚጎድል ነው። ከዚህ በታች የአንዲት ሠራተኛን ማመልከቻ በመጀመሪያ አጻጻፉና ተስተካክሎ ከተጻፈ በኋላ እናያለን። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ በመሆናቸው በሚኖሩበት አገር ገንዘብ ይተኳቸው፤ ደብዳቤውም በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ከዚህ የሚወሰደው አሰካኩና ይዘቱ ነው።

የመጀመሪያው ማመልከቻ እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በድርጅቱ ውስጥ በቅንነት በማገልገል ላይ ያለሁ ሠራተኛ ስሆን፣ ለአገሩ አዲስ በመሆኔና የሚረዳኝ ዘመድ ባለመኖሩ ከፍተኛ የገንዘብ ችግር ላይ ወድቄአለሁ። ስለዚህ ችግሬን ተመልክተው የተቻለዎትን ያህል ከደሞዜ በቅድሚያ እንዲሰጡኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ገንዘቡን በሚቀጥለው ወር እመልሳለሁ።»

ይህ ደብዳቤ ጨዋ ነው፤ ሆኖም የሚያነበው ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም አያውቅም። «የተቻለዎትን ያህል» የሚለው አነጋገር በእኛ ዘንድ አክብሮት ቢሆንም፣ የገንዘቡን መጠን የመወሰን ሸክም በኃላፊው ላይ ይጥላል። ኃላፊው የሠራተኛዋን ወጪ ስለማያውቅ መጠን መገመት አይችልም፤ ስለዚህ ወይ መልሶ ይጠይቃታል፣ ወይ ወረቀቱን ያቆየዋል። «የገንዘብ ችግር» የሚለውም ምክንያት መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። አጽዳቂው የሚሠጋው ሠራተኛዋ መቸገሯን ሳይሆን፣ ችግሩ በየወሩ እየተደጋገመ ሌላ ጥያቄ ይዞ እንዳይመጣ ነው። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ፣ ቀኑ የታወቀና በወረቀት የሚረጋገጥ ወጪ ሲጠቀስለት ይህ ሥጋት ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሙሉውን መመለስ ለአሠሪው የሚያስደስት ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን በሒሳብ ሲፈተሽ አይቆምም። ሠራተኛዋ ከታክስና ከሌሎች ተቀናሾች በኋላ በእጇ የሚገባው የተጣራ ደሞዝ 2,400 ነው። ልትገባበት የተዋዋለችው ቤት የመያዣ ገንዘብ 1,500 ሲሆን፣ እርሷ ያጠራቀመችው 600 በመሆኑ የጎደላት 900 ነው። የወር ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ስልክና ለቤተሰብ የምትልከው ተደምረው 1,860 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ከደሞዟ የሚተርፋት 540 ብቻ ነው። 900 በአንድ ጊዜ ቢቀነስባት በዚያው ወር 360 ይጎድላታል፤ ያንን ለመሙላትም እንደገና ቅድሚያ መጠየቅ ይኖርባታል። በሁለት ወር ብትከፍል በየወሩ 450 ስለሚቀነስ የሚቀራት 90 ነው፤ አንድ ያልታሰበ ወጪ ይህን ያፈርሰዋል። በሦስት ወር ከሆነ ግን በየወሩ 300 ተቀንሶ 240 መጠባበቂያ ይቀርላታል። ልምድ ያለው የደሞዝ ክፍል ሠራተኛ ይህን ልዩነት ወዲያው ያያል፤ በእኔ እምነትም አጽዳቂው ይበልጥ የሚተማመነው በአጭሩ ዕቅድ ሳይሆን ሊፈጸም በሚችለው ዕቅድ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው በተጣራው ደሞዝ ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። የሥራ ውል ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ደሞዝ ታክስ ያልተነሣለት ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ወሩ ሲደርስ ይጎድላል። ትክክለኛውን ቁጥር ከመጨረሻው የደሞዝ መግለጫ ላይ ይውሰዱ። ደሞዝዎ በሰዓት የሚታሰብና ከወር ወር የሚለያይ ከሆነ ደግሞ፣ ካገኟቸው ወራት ዝቅተኛውን መነሻ ያድርጉ እንጂ አማካዩን አይውሰዱ።

ቀኑም እንደ መጠኑ የሚታሰብበት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የደሞዝ ሰነድ የሚዘጉት ከክፍያው ቀን በፊት ነው፤ በምሳሌያችን ደሞዝ የሚከፈለው በወሩ 28 ሲሆን ሰነዱ የሚዘጋው በ20 ነው። ሠራተኛዋ የመያዣ ገንዘቡን ማርች 12 መክፈል ስላለባት፣ ቅድሚያው ከመደበኛው የክፍያ ቀን ውጪ ለብቻው ሊከፈላት ይገባል፤ ይህንንም በግልጽ መጻፍ አለባት። ማመልከቻው ማርች 3 ቢገባ፣ ገንዘቡን ማርች 10 ለማግኘትም ሆነ የመጀመሪያውን ተቀናሽ በዚያው ወር ደሞዝ ላይ ለማስገባት ጊዜ ይኖራል። ቀን ሲጽፉ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉት፤ 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀን በአንዱ አገር ማርች 4፣ በሌላው ኤፕሪል 3 ተብሎ ይነበባል።

እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ ማመልከቻው የሚከተለውን መልክ ይይዛል፦

«ጉዳዩ፦ በሦስት ወር ተቀናሽ የሚመለስ የ900 የደሞዝ ቅድሚያ ስለመጠየቅ

ከማርች 28 ደሞዜ በፊት የ900 የደሞዝ ቅድሚያ እስከ ማርች 10 ድረስ ወደ ባንክ ሒሳቤ እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ። ገንዘቡ የሚውለው የተከራየሁትን ቤት የመያዣ ክፍያ ለማሟላት ነው፤ ጠቅላላ ክፍያው 1,500 ሲሆን 600ውን እኔ አዘጋጅቻለሁ፣ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ማርች 12 ነው። መጠኑንና ቀኑን የሚያሳየውን የኪራይ ውል ገጽ አያይዣለሁ። ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ነው።

ቅድሚያው ከማርች፣ ከኤፕሪልና ከሜይ የተጣራ ደሞዜ በየወሩ 300 እየተቀነሰ በሜይ 28 ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለዚህም ተቀናሽ በዚህ ጽሑፍ ፈቃዴን እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት ሥራዬን ብለቅ፣ ቀሪው ዕዳ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ከመጨረሻ ክፍያዬ ላይ እንዲቀነስ፣ ያልተሸፈነ ቢኖር ደግሞ በጽሑፍ በምንስማማበት ጊዜ እንድከፍል እስማማለሁ። በአሁኑ ሰዓት ሌላ ያልተመለሰ ቅድሚያ የለብኝም።

ሙሉው መጠን የማይፈቀድ ከሆነ፣ ስንት ሊፈቀድ እንደሚችል እስከ ማርች 6 ቢገለጽልኝ ቀሪውን ለማመቻቸት ጊዜ አገኛለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ጤንነት ወይም ስለ ቤተሰብ የተጻፈ የለም። የወጣው ነገር ሐሰት ወይም የሚያሳፍር ስለሆነ አይደለም፤ የደሞዝ ማመልከቻ በሠራተኛው ማኅደር ውስጥ የሚቀመጥና ብዙ እጅ የሚያልፍበት ሰነድ ስለሆነ፣ ለውሳኔው ከሚያስፈልገው በላይ የግል ጉዳይ ሊሰፍርበት አይገባም። ምክንያቱ ሕክምና ቢሆን እንኳ «ቀጠሮ የተያዘለት የሕክምና ክፍያ» ብሎ መጠኑንና ቀኑን መጥቀስ ይበቃል፤ በሚያያዘው ደረሰኝ ላይም የበሽታውን ስም መሸፈን ይቻላል። የኪራይ ውልም ሲያያዝ የአከራዩን የባንክ ቁጥርና የሌሎች ተከራዮችን ስም ይሸፍኑ።

ስለ ተቀናሹ ፈቃድ የሰጠው ዐረፍተ ነገር ለአሠሪው ትልቅ ዋጋ አለው። በብዙ አገሮች አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ እንዳሻው መቀነስ አይችልም፤ ለምሳሌ በብሪታንያ በ1996 በወጣው የሥራ ቅጥር መብቶች ሕግ መሠረት፣ በሕግ ወይም በሥራ ውሉ ያልተፈቀደ ተቀናሽ የሠራተኛውን ቀደም ያለ የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። ፈቃዱ መጠኑንና ወሮቹን ለይቶ መጻፉ ደግሞ ለሠራተኛዋም ጥበቃ ነው፤ «እንደ አስፈላጊነቱ ከደሞዜ ይቀነስ» ብላ ብትጽፍ ግን ሙሉው 900 በአንድ ወር ሲወሰድባት የምትከራከርበት አይኖራትም።

ማመልከቻው የሚሰጠው ለማን ነው የሚለው በየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል። አንዳንዱ የራሱ ቅጽ ስላለው አስቀድመው የሰው ኃይል ክፍልን ይጠይቁ፤ ቅጹ ካለ የደብዳቤውን ቁጥሮች ወደ ቅጹ ያስገቡና ደብዳቤውን ያያይዙ። የቅርብ ኃላፊዎ ጉዳዩን ከእርስዎ አንደበት ቢሰማ መልካም ነው፤ ሆኖም የቃል እሺታ ብቻውን ገንዘብ አያስለቅቅም። በሙከራ ጊዜ ላይ ላሉ ሠራተኞች ቅድሚያ የማይሰጡ፣ ወይም እስከዚያ ቀን ከተሠራበት ደሞዝ በላይ የማይፈቅዱ ድርጅቶችም አሉ። እንዲህ ያለ ገደብ ካለ፣ በማመልከቻው ላይ እስከ ማርች 10 የሠሩባቸውን ቀናት መጥቀስና ጥያቄውን በዚያ መጠን መወሰን ይሻላል።

መልሱ ሲመጣ ከመፈረምዎ በፊት ሰነዱን ያንብቡ። የቀረበልዎ ስምምነት ወለድ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ያለበት ከሆነ፣ እርስዎ የጠየቁት ቅድሚያ ሳይሆን ብድር ነው፤ ጠቅላላ የሚመልሱት ስንት እንደሆነ ጠይቀው ከ900ው ጋር ያነጻጽሩት። ተቀናሹ የሚጀምርበት ወርና የመጨረሻው ወር መጻፋቸውን፣ የሥራ ሰዓት ቢቀነስብዎ ምን እንደሚደረግ መጠቀሱንም ይመልከቱ። ይህኛው ካልተጠቀሰ «የተጣራ ደሞዜ ከ2,100 ካነሰ፣ የዚያ ወር ተቀናሽ ወደ 150 ዝቅ ብሎ ቀሪው ወደ ጁን ይተላለፍ» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር መጠየቅ ይቻላል። ከ2,100 ላይ 300 ከተቀነሰ የሚቀረው 1,800 ወጪዋን 1,860 ስለማይሸፍን፣ ሠራተኛዋ ይህን የምትጠይቅበት ምክንያት በወረቀት የሚታይ ነው።

የተፈረመውን ቅጂ ይያዙ፤ በየወሩም ከደሞዝ መግለጫው ጋር ያስተያዩት። ተቀናሹ በራሱ መስመር ተለይቶ፣ 300 ሆኖ መታየት አለበት። በሜይ መግለጫ ላይ ቀሪው ዜሮ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ የደሞዝ ክፍሉን ይጠይቁ፤ ተቀናሹ በሥርዓቱ ውስጥ ተረስቶ በጁንም ከቀጠለ፣ የሦስቱን ወራት መግለጫዎችና ስምምነቱን አያይዘው የተቀነሰው 300 በሚቀጥለው ደሞዝ እንዲመለስልዎ በዚያው ሳምንት ይጻፉ።