እቁቡ ወጥቶለታል? ትውውቁ ወደ ቁም ነገር ሲሄድ ስለ ገንዘብ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የአንድ እቁብ ጸሐፊ ነኝ። ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ሰው ለፍቅረኛው የማይነግረውን የገንዘብ ጉዳይ እዚህ ይናገራል፦ ዋስ ሲፈልግ፣ እጣ ሲገዛ፣ ክፍያ ሲያዘገይ። ተጋብተው ብዙም ሳይቆዩ ሚስት ወይ ባል መጥቶ "እስቲ ደብተሩን አሳየኝ" ሲለኝ ግን ይሰለቸኛል። ይህን ከሰርጉ በፊት አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ መጨረስ ይቻል ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት "ደሞዝህ ስንት ነው?" ብሎ መጀመር ነው። ጥያቄው ያስቀይማል፣ መልሱም ብዙ አይጠቅምም። ደሞዝ የሚገባውን እንጂ የሚተርፈውን አይናገርም።

ሁለተኛው እኔን የሚያናድደኝ ነው። "እቁብ አለኝ" ሲባል "ጎሽ፣ ቆጣቢ ነው" ብሎ ማለፍ። ወገኖቼ፣ እቁብ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። እጣው ገና ያልወጣለት ሰው ገንዘቡ ሰው ዘንድ ተቀምጦለታል፣ ቆጥቧል። የወጣለት ሰው ግን የሌሎችን ገንዘብ ቀድሞ ወስዶ በየሳምንቱ እየመለሰ ነው፣ ባለዕዳ ነው። ሁለቱም ሰኞ ሰኞ እኩል ብር ይዘው ይመጣሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም።

አንድ ምሳሌ በቁጥር ላሳያችሁ። አርባ ሰው በሳምንት 1,000 ብር ይጥላል እንበል። እጣው 40,000 ብር ነው። ልጁ በ8ኛው ሳምንት ወጣለት። እስከዚያ የከፈለው 8,000 ነው፣ የሚቀረው 32,000። በብሩ ሶፋና ቴሌቪዥን ገዛ። ልጅቷ ቤቱን አይታ "የተደራጀ ሰው ነው" አለች። በ20ኛው ሳምንት ተጋቡ። ያኔ ገና 20,000 ብር ይቀረው ነበር። ደሞዙ 11,000 ነው። እቁቡ በወር 4,000 ይወስዳል፣ የቤት ኪራይ 3,500፣ ወረኢሉ ላሉት እናቱ 2,000። ለአስቤዛ፣ ለትራንስፖርት፣ ለሁሉም ነገር የቀረው 1,500 ብር ነው። አምስት ሰኞ ያለበት ወር ሲመጣማ 500 ብር ብቻ! ልጅቷ ይህን ስለማታውቅ ባሏን ስስታም አድርጋ ያዘችው። እሱም አፍሮ ዝም አለ። ጠባቸው የሽንኩርትና የዘይት ይመስል ነበር እንጂ የእቁብ ነበር።

ዕዳው ከጋብቻ በፊት የሱ የግሉ ነበር ብትሉም ብዙ አያድናችሁም። በቤተሰብ ሕጋችን ከጋብቻ በኋላ የሚገኝ ደሞዝ የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ ሶፋው የተገዛው እሷ ሳትመጣ ቢሆንም የሚከፈለው ከሁለቱ ኪስ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? የራስን በማስቀደም። ሐይቅ ወርዳችሁ አሳ ጥብስ እየበላችሁ "እኔ እኮ ግማሽ እጣ ይዣለሁ፣ ገና አልወጣልኝም፣ ሲወጣልኝ የልብስ ስፌት መኪና ልገዛበት ነው። አንተስ?" ማለት ነው። እሱም ስቆ "የኔማ ወጥቶ ተበልቷል!" ይላል። አብራችሁ ሳቁ። ከዚያ "ስንት ሳምንት ቀረህ?" አለቀ። ምርመራ አይመስልም፣ ግን የሚያስፈልገው ቁጥር ወጥቷል። ከተመቻችሁ አንድ ተጨማሪ ጠይቁ፦ "ለማን ዋስ ሆነሃል?" ዋስ የሆነለት ሰው ከጠፋ የእቁቡ ዳኛ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላየሁም።

መልሱ "አብሽሪ፣ ሁሉም ይስተካከላል" ብቻ ከሆነ ደግሞ ልብ በሉ። አብሽር ደግ ቃል ነው፣ በሐዘንም በችግርም እንባባልበታለን። ለቁጥር ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። አንዴ ቢል አፍሮ ይሆናል፣ በሌላ ቀን ቀለል አድርጋችሁ እንደገና ጠይቁት። ሦስቴ ካለ የሚደብቀው ነገር አለ።

ለቤተሰብ የሚላከውን "ትንሽ" ብሎ ማለፍም ስህተት ነው። "ለእናቴ ትንሽ እልካለሁ" የሚለው ሰው አይዋሽም፣ በየወሩ የሚልከው እውነትም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ከባዱ ዓመቱን ጠብቆ የሚመጣው ነው፦ መስከረም ላይ የታናናሾች ደብተርና ዩኒፎርም፣ ለአረፋ በግ፣ ለፋሲካ ዶሮና ቅቤ፣ የአገር ቤት ቅሬ መዋጮ፣ የታመመ ዘመድ ደሴ ሲመጣ ማሳከሚያ። ወሎ ላይ ደግሞ በአንድ ቤተሰብ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። አባትየው የአረፋ በግ ሲጠብቁ አክስትየዋ ፋሲካን ይጠብቃሉ። ማንም "አልሰጥም" እንዲል አይደለም፣ እኔም ስጡ ነው የምለው። ግን "በወር ስንት ትልካለህ?" ከማለት "ባለፈው አረፋ እናንተ ቤት በጉን ማን ገዛው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ወሬውን ሲያወራ እውነቱን ያወራል። "እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን አለ" ካለ ወደፊትም እሱ ነው።

ካፌ ገብቶ ውዱን ነገር አዝዞ "እስቲ ፊቱን ልየው" ማለት ተዉት፣ የልጅ ነገር ነው።

ቡና ላይ፣ አቦሉ እየተቀዳ ጎረቤት በተቀመጠበት፣ በቀልድ ማንሳትም ጥሩ አይደለም። "የኔ እጮኛ እንኳን በቁጠባ አይታማም" ስትሉ ሰው ይስቃል፣ እሱ ግን ያን ቀን ይቆስላል። ቀለል አድርጎ ማውራት ለብቻ ሆኖ ነው። ወሩ ባለቀበት ሳምንትም አይሁን፣ ባዶ ኪስ ቀልድ አይችልም።

ከዐረብ አገር ገንዘብ የምትልኩ እህቶች፣ የእናንተ ነገር ትንሽ ይለያል። ብሩ ለወንድም ወይ ለእናት ይመጣል፣ ቤት ይጀመራል፣ ከዚያ ጋብቻ ይመጣል። "ቤት እያሠራሁ ነው" ከማለታችሁ በፊት ቦታው በማን ስም እንደሆነ አጣሩ። በወንድም ስም ከሆነ ለምታገቡት ሰው እንደዚያው ንገሩት። እሱ "ቤት ያላት ሴት አገባሁ" ብሎ ከገባ በኋላ ሌላ ነገር ሲሰማ የሚጠረጥረው ወንድምየውን ሳይሆን እናንተን ነው። ከዚህ ሆኖ ገና በአካል ሳያገኛችሁ "ለሥራ መነሻ ላኪልኝ" የሚል ካለ ግን ስልክ ቁጥሩን አጥፉት።

የመጨረሻው የሰርጉን ወጪና መህሩን ሙሉ በሙሉ ለሽማግሌ መተው ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ግን ሰው ፊት ቁጥር ሲጠራ የክብር ፉክክር ይገባበታል፣ የጎረቤት ልጅ ስንት እንደተባለላት ይነሳል። ልጁ እምቢ ማለት ያፍራል፣ "እሺ" ብሎ ይወጣና እጣ ሊገዛ እኔ ዘንድ ይመጣል። የሌላ ሰው ተራ የሚገዛ ሰው ከእጣው ላይ ለሻጩ ይቆርሳል፣ ግን የሚመልሰው ሙሉውን ነው። መህር የልጅቷ የራሷ ሀብት ነው፣ የአባቷ አይደለም። ከፊሉ አሁን ከፊሉ በኋላ ተብሎም መስማማት ይቻላል። ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ እሱ ሳይበደር የሚችለውን ተነጋገሩ። ከዚያ እሷ ለእናቷ ትንገር፣ እሱም ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ ይንገር። እናትየው አባትየውን ያለሰልሳሉ፣ ሽማግሌውም ያችኑ ቁጥር ከራሱ አፍልቆ ያመጣት መስሎ ይጠራታል።