ጣፊያ ደም የምታጣራው እንዴት ነው? ከወጣች በኋላስ ምን ይደረጋል?

ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር፣ ከጨጓራ ጀርባ ተሸጉጣ የምትገኝ አካል ናት። በጤናማ አዋቂ ሰው ላይ ክብደቷ 150 ግራም ገደማ ነው። በአደጋ ተቀድዳ ደም አልቆም ሲል፣ ወይም በበሽታ ሳቢያ ደህናውን የደም ሕዋስ ያለ ልክ ማጥፋት ስትጀምር ሐኪሞች ሊያወጧት ይችላሉ። ሰው ያለ ጣፊያ መኖር ይችላል፤ የሚጠነቀቅበትን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ሥራዋን ማየት ይሻላል።

1. አንድ ቀይ የደም ሕዋስ እንከተል

ወደ ጣፊያ ከገባው ደም አብዛኛው ቶሎ አልፎ ይወጣል። ጥቂቱ ግን ከደም ሥር ወጥቶ ስፖንጅ በመሰለ ሥጋ ውስጥ በዝግታ ይንቆረቆራል። ወደ ደም ሥር ለመመለስ በግድግዳው ላይ ባሉ ስንጥቆች መሹለክ አለበት። እዚህ ላይ ነው ፈተናው፦ የሕዋሱ ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ሲሆን ስንጥቁ ግን ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ወጣት ሕዋስ ተለጥጦ ያልፋል። 120 ቀን ገደማ የኖረው ግን ደርቋል፤ መታጠፍ ያቅተውና እዚያው ይቀራል። በቦታው የሚጠብቁት ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት ይውጡታል፤ በውስጡ የነበረው ብረትም አዲስ ሕዋስ ወደሚሠራበት መቅኔ ይመለሳል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላው ሥራዋ ነው። አንዳንድ ሕዋስ ከመቅኔ ሲወጣ ትንሽ የኒውክሊየስ ቁራጭ ይዞ ይወጣል። በስንጥቁ ሲሾልክ ለስላሳው አካሉ ያልፋል፣ ጠጣሩ ቁራጭ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከበሰለ ፍሬ ዘሩን ጨምቆ እንደማውጣት ማለት ነው። ሕዋሱ ጸድቶ መንገዱን ይቀጥላል።

2. ስትወጣ የሚለወጠውን ይለዩ

ብዙ ሰው ደም ማነስ ይመጣብኛል ብሎ ይሰጋል። በዚህ ምክንያት አይመጣም፤ ያረጁ ሕዋሳትን ማስወገዱን ጉበትና መቅኔ ይረከቡታል። የማይተካው የኒውክሊየስ ቁራጭ ከሕዋሱ የማውጣቱ ሥራ ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ባለሙያው ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲያይ በቀይ ሕዋሳት ውስጥ ሀወል-ጆሊ አካላት የሚባሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ያገኛል። ጉዳት የላቸውም፤ ጣፊያ እንደሌለች ወይም እንደማትሠራ ግን ይመሰክራሉ።

ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌትም ይጨምራል፤ ከጠቅላላው ሲሶው በጣፊያ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆይ ነበርና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማይለቅ የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ወደ ጉበት በሚሄደው ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው የባክቴሪያው ጉዳይ ነው። ኒሞኮከስና ማጅራት ገትር አምጪው ሜኒንጎኮከስ በሚያሙለጨልጭ ሽፋን የተጠቀለሉ ስለሆኑ በቀላሉ አይያዙም። ጣፊያ ደሙን በዝግታ ስለምታሳልፈውና ፀረ እንግዳ አካል ቶሎ ስለምታመነጭ ነበር የምትይዛቸው። እሷ ከሌለች ተራ የሚመስል ትኩሳት በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

3. ክትባቱን በጊዜው ይውሰዱ

ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮ ከሆነ የኒሞኮከስ፣ የሜኒንጎኮከስና ሂብ የሚባል የሌላ ባክቴሪያ ክትባቶች ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ይሰጣሉ። ጣፊያ ገና በቦታዋ ሳለች ሰውነት የተሻለ መከላከያ ያበጃል። በድንገተኛ አደጋ ከወጣች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳምንት ተጠብቆ ይከተባል። ክትባት ሁሉንም የባክቴሪያ ዝርያ አይሸፍንምና ቀጣዩን እርምጃ አያስቀርም።

4. ትኩሳት ሲመጣ አይጠብቁ

ከ3 ዓመት በፊት ጣፊያው የወጣ የ34 ዓመት ሰው እንውሰድ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አለው፤ ቴርሞሜትሩ 38.6 አሳየ። ባለቤቱ «ጉንፋን ነው፣ ተኛበት» ብትለው የሚያስገርም አይደለም፤ ጅማሬው በእርግጥም ጉንፋን ይመስላል። ትክክለኛው ግን ይህ ነው፦ ሐኪሙ አስቀድሞ ለዚህ ብሎ የሰጠውን አንቲባዮቲክ ወዲያው ይውጣል፤ ከዚያ ሳይተኛ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ኪኒኑ ጊዜ መግዣ እንጂ ሕክምናው አይደለም፤ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት መቅረት የለበትም። በር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ቃሉ «ጣፊያ የለኝም» መሆን አለበት። ይህን የሰማ ሐኪም የደም ናሙና ወስዶ ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ያስጀምራል። ራሱን ቢስት የሚናገርለት ካርድ በኪሱ ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው።

የውሻ ንክሻ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም በዚያው ቀን መታየት አለበት። ወባም ጣፊያ በሌለው ሰው ላይ ስለምትበረታ፣ ወባ ወዳለበት አካባቢ ከመሄድ በፊት መከላከያ መድኃኒት ይጠይቁ።

5. «እንደገና በቅላለች» ከተባሉ

በአደጋ ጊዜ የተበተኑ የጣፊያ ቁራጮች ሆድ ውስጥ ተጣብቀው ሊያድጉ ይችላሉ፤ ነጠብጣቦቹም ከደሙ ሊጠፉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ቁራጮቹ ባክቴሪያውን ለመያዝ መብቃታቸው አስተማማኝ አይደለም። ክትባቱም ኪኒኑም እንደነበሩ ይቀጥላሉ።