አማካይ ልይይት በእጅ ሲሰላ፦ መልሱ ዜሮ ሲሆን፣ ሲበዛ፣ ከጓደኛ ሲለይ

ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን በእጅ ስንሠራ የሚያደክመን ስኩዌር ማድረጉና ስኩዌር ሩት ማውጣቱ ነው። አማካይ ልይይት፣ ማለትም ሚን ዴቪዬሽን፣ ሁለቱንም አይፈልግም። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ በስንት እንደሚርቅ እናያለን። ርቀቶቹን እንደምራለን፣ ከዚያ ለቁጥሮቹ ብዛት እናካፍላለን። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ሆኖም መልሱ ሲበላሽ የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

አንድ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ በ8 ቀን የጠበቀውን ደቂቃ እንውሰድ፦ 5፣ 7፣ 8፣ 10፣ 10፣ 12፣ 13፣ 15። ድምሩ 80 ነው፣ አማካዩ 10።

መልሱ ዜሮ ሆነ

ምልክቱን አልጣላችሁም ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 10 ሲቀነስ -5፣ -3፣ -2፣ 0፣ 0፣ 2፣ 3፣ 5 ይመጣል። ከአማካዩ በታች ያሉት በድምሩ 10 ይጎድላሉ፣ በላይ ያሉት በድምሩ 10 ይተርፋሉ። ስለዚህ ይጣፋሉ፤ በየትኛውም ዳታ ላይ ይጣፋሉ። መፍትሄው ፍጹም ዋጋ መውሰድ ነው። የቀነስ ምልክቱን ጥላችሁ ስትደምሩ 20 ይሆናል። ለ8 ሲካፈል 2.5 ደቂቃ።

ይህን ዜሮ ግን አትናቁት፣ ከማንም በላይ የሚያግዛችሁ እሱ ነው። ሁለቱ ወገኖች ሁሌም እኩል ስለሆኑ የአንዱን ወገን ብቻ ደምሮ በ2 ማባዛት ይበቃል፦ 2 × 10 ÷ 8 = 2.5። ሌላውን ወገን ለማረጋገጫ ተዉት።

የታችና የላይ ድምሮች እኩል አልመጡም

ወይ አማካዩ ተሳስቷል፣ ወይ ተጠጋግቷል። የመጨረሻው ቀን 15 ሳይሆን 16 ደቂቃ ነበር እንበል። ድምሩ 81፣ አማካዩ 10.125 ይሆናል። «10 ነው በቃ» ብላችሁ ከቀጠላችሁ ከታች 10፣ ከላይ 11 ይወጣል። ሚዛኑ ተዛባ። በትክክለኛው አማካይ ሁለቱም 10.625 ናቸው፣ መልሱም 2.66 ገደማ ነው። በተጠጋጋው 2.625 ይመጣል። እዚህ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ፈተና ላይ ግን ያስቀጣል። እስከ መጨረሻው አታጠጋጉ።

መልሱ ከስታንዳርድ ዴቪዬሽን በለጠ

ይህ በጭራሽ ሊሆን አይችልም። በአንድ ዳታ ላይ ሁለቱም ለቁጥሮቹ ብዛት ሲካፈሉ አማካይ ልይይት ቢበዛ እኩል ይሆናል እንጂ አይበልጥም። በመጀመሪያው ዳታችን የስኩዌሮቹ ድምር 76 ነው። ለ8 ሲካፈል 9.5፣ ስኩዌር ሩቱ 3.08። አማካይ ልይይታችሁ 3.33 ከመጣ ምክንያቱን ሩቅ አትፈልጉ፦ ሁለቱን ዜሮዎች «ምንም አይጨምሩም» ብላችሁ ጥላችሁ 20ን ለ6 አካፍላችኋል። ዜሮ ርቀትም ርቀት ነው፣ ይቆጠራል። የድግግሞሽ ሰንጠረዥ ላይም ያው ነው። ሁለት ጊዜ የመጣው 10 በአንድ ረድፍ ስለተጻፈ ለ7 ረድፎች አይካፈልም፤ የሚካፈለው ለድግግሞሾቹ ድምር፣ ለ8 ነው።

ሁለቱ መለኪያዎች በጣም ተራራቁ

እዚህ ስሌቱ ላይጠፋ ይችላል፣ ዳታውን እዩት። የመጨረሻው ቀን ዝናብ ጥሎ፣ መንገዱ ተዘግቶ 39 ደቂቃ ሆነ እንበል። አማካዩ 13 ይሆናል። ከታች የሚጎድለው 26፣ ከላይ የሚተርፈው የዚያ አንድ ቀን 26። አማካይ ልይይቱ 52 ÷ 8 = 6.5 ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን 10.12 ይደርሳል። ለምን? 26 ስኩዌር ሲሆን 676 ነው፣ የስኩዌሮቹ ጠቅላላ ድምር ደግሞ 820። ያ አንድ ቀን ብቻውን ከ80 በመቶ በላይ ወሰደ። በአማካይ ልይይት ግን ድርሻው ግማሽ ነው። ለእኔ «አብዛኛውን ጊዜ በስንት ደቂቃ ይለያያል?» ለሚል ሰው 6.5 ይበልጥ ቅርብ መልስ ነው። እሱም ቢሆን በዚያ ቀን መጎተቱን ግን አትርሱ፤ ከ2.5 ነው የተነሳው።

ጓደኛዬ በዚሁ ዳታ 5.5 አገኘ

እሱም አልተሳሳተም። ርቀቱን የለካው ከአማካዩ ሳይሆን ከሚዲያኑ ነው። ሚዲያኑ 10 ስለሆነ ርቀቶቹ 5፣ 3፣ 2፣ 0፣ 0፣ 2፣ 3፣ 29 ናቸው። ድምራቸው 44፣ ለ8 ሲካፈል 5.5። ከሚዲያን የሚለካው ከአማካይ ከሚለካው በልጦ አያውቅም፣ ስለዚህ አነስ ብሎ መምጣቱ አይገርምም። ጥያቄው ከየትኛው እንደሚል አንብቡ። ዝም ካለ ከአማካዩ ለኩ፣ ከየት እንደለካችሁም ጻፉ። ከሚዲያን ስትለኩ ግን የታችና የላይ ድምሮች እኩል ይሆናሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ እዚህ 10 እና 34 ናቸው።

ኮምፒውተር አጠገባችሁ ካለ በኤክሴል ማመሳከር ይቻላል። ከአማካዩ የሚለካው ይህ ነው፦

```
=AVEDEV(A1:A8)
```

ለመጀመሪያው ዳታ 2.5፣ ለዝናቡ ቀን ዳታ 6.5 ይሰጣችኋል።