ከደሴ ኮምቦልቻ ስንሄድ በሒሳብ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ግን የሐረጎ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ስላለበት ከርቀቱ በላይ ጊዜ ይወስዳል። የዋጋ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ማሳያ ብቻ ስለሆኑ በዕለቱ ታሪፍ ይተኳቸው።

የአንድ ወንበርን ሒሳብ ከሙሉ መኪና ጋር ማወዳደር

ሦስት ሰዎች ሻንጣ ይዘው ከቧንቧ ውሃ ወደ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ይሄዳሉ እንበል። የሚኒባሱ ወንበር 80 ብር ቢሆን ለሦስቱ 240 ነው። እስከ መናኸሪያ የባጃጅ ኮንትራት 100፣ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ እስከ ኤርፖርት 150 ሲጨመር 490 ይደርሳል። ከሙሉ መኪናው ዋጋ ጋር የሚወዳደረው ይህ ድምር እንጂ 80ው ብር አይደለም። ረዳቱ ለሻንጣ የሚጠይቀውም አለ። በዚህ ላይ ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳምና በረራ ያለበት ሰው የጥበቃውን ጊዜ አብሮ ማሰብ አለበት።

የታክሲ ሜትር ኪሎ ሜትር ብቻ ይቆጥራል ብሎ ማሰብ

በአፕ የሚሠሩትም ሆኑ ሌሎች ሜትሮች በአብዛኛው መነሻ ሒሳብ፣ ኪሎ ሜትርና ደቂቃ ይደምራሉ። መነሻው 150፣ ኪሎ ሜትሩ 25፣ ደቂቃው 3 ብር ቢሆንና ጉዞው 40 ደቂቃ ቢፈጅ 150 + 625 + 120 = 895 ብር ይመጣል። ሐረጎ ላይ የጭነት መኪና ከፊት ከገባና 20 ደቂቃ ካዘገየ 60 ብር ይጨመራል። በ850 ብር የተቆረጠ ኮንትራት ግን መንገዱ ቢዘጋም አይጨምርም።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ደርሶ መልስ ሲሆን ነው። ኮምቦልቻ ሁለት ሰዓት ጉዳይ ካለዎትና ሜትሩ ሳይጠፋ ከጠበቀዎት ለጥበቃው ብቻ 360 ብር ይቆጥራል። ከሁለቱ ጉዞዎች ጋር 2,000 ብር ይሆናል (መነሻው አንዴ ብቻ ተይዞ)። ለዚህ 1,600 ብር ተነጋግሮ መሄድ ይሻላል። ጉዞው ከተማ ውስጥ አጭር ከሆነና መኪናው ካልጠበቀዎት ግን ሜትሩ ይመረጣል፤ ሹፌሩ ኮንትራት ሲጠራ መዘግየቱን አስቀድሞ ጨምሮ ነውና።

የመልሱን ባዶ ጉዞ ሳይጠይቁ መክፈል

ሹፌሩ ባዶዬን ነው የምመለሰው ብሎ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ንጋት ላይ እውነቱን ነው። ቀን ላይ ግን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሰው ስለሚያገኝ ሙሉ መልሱን መሸፈን የለብዎትም። ለሚኒባስ ኮንትራት መለኪያው ቀላል ነው፦ ወንበሩን በታሪፉ ያባዙ። 12 ወንበር በ80 ሲባዛ 960 ነው፤ ቀን ላይ ከዚያ ብዙ ከራቀ ሌላ ይጠይቁ።

«እንነጋገራለን» ብሎ መሳፈር

ሳይነሱ «ኤርፖርቱ በር ድረስ ደርሶ መልስ፣ ሦስት ሰው ከነሻንጣው፣ ሁለት ሰዓት ጥበቃን ጨምሮ፣ ጠቅላላ 1,600» ይበሉና ሹፌሩ ይድገመው። ጥበቃው ካለፈ ለየግማሽ ሰዓቱ ስንት እንደሚጨመርም ያኔውኑ ይቁረጡ።